ኦፓል፣ ውሃና መሰንጠቅ፦ የወሎ ሰዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ኦፓል እየቆረጥኩና እየሞረድኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ዛሬ የምመልሰው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድንጋዩ ከውሃ ጋር ስላለው ጉዳይ። የዋጋ ጥያቄ ለሌላ ቀን ይቆየን።

ከደሴ፦ «ልብስ ሳጥብ ቀለበቴን ማውለቅ ረሳሁ። ፈርጡ ቀለሙ ጠፍቶ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ሆነ። ከሰል አጠገብ ባደርገው ይመለሳል?»

አብሽሪ እህቴ፣ አልተበላሸም። ከሰሉን ግን አርቂው።

እዚህ ወሎ ከደላንታ የሚወጣው ኦፓል ውስጡ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ውሃ ሲያገኝ ይጠጣል። ደረቅ ሳለ ቀዳዳው ውስጥ ያለው አየር ነው። ብርሃኑ በአየሩና በድንጋዩ መካከል እየተመላለሰ ነው ቀለሙን የሚያወጣው። ቀዳዳው ውሃ ሲሞላ ልዩነቱ ይጠብና ብርሃኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ቀለሙ ተደበቀ እንጂ አልሄደም። ውሃው ሲወጣ ይመለሳል።

የሚያሰጋው አወጣጡ ነው። ቀለበቱን በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪው። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ ዳር፣ ካስክ ሥር አይሆንም። ሩዝ ውስጥ መቅበርም ይቅር፣ እሱም ውሃውን ቶሎ ይመጥጠዋል። የቀለበት ፈርጥ ትንሽ ስለሆነ በጥቂት ቀን ይመለሳል። ወፍራም ከሆነ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። መሀል ላይ ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ከታየሽ አትደንግጪ። ግማሹ ደርቆ ግማሹ እርጥብ ሲሆን እንደዚያ ይሆናል።

ከወገል ጤና፣ ቆፋሪ፦ «እኛ እንዳይሰነጠቅ ብለን ውሃ ውስጥ ነው የምናኖረው። ውሃ ውስጥ እያለ ተሰንጥቆ አያውቅም። የሚሰነጠቀው ሲወጣ ነው። ታዲያ ውሃው መድኃኒት አይደለም?»

ያየኸው ነገር ልክ ነው ወንድሜ። መድኃኒት ያልከው ግን አይደለም።

አዲስ ግድግዳ ላይ የተመረገ ጭቃ ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ላዩ ቶሎ ደርቆ ይኮማተራል፣ ውስጡ ገና እርጥብ ስለሆነ አይከተለውም፣ ላዩም ተወጥሮ ይተረተራል። ኦፓልም ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ቆዳው ውሃውን ሲያጣ ይኮማተራል፣ ሆዱ ግን ገና ሙሉ ነው። ውጥረቱ ድንጋዩ ከሚችለው ካለፈ ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ ከደረቀ ግን ላዩና ውስጡ አብረው ስለሚሄዱ ውጥረቱ ትንሽ ነው።

ውሃ ውስጥ ስታኖረው ድርቀቱን አቆምከው እንጂ ፈተናውን አላለፈም። አንድ ቀን መውጣቱ አይቀርም፣ ያን ቀን የሚሰነጠቀው ገዢው እጅ ላይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ የደላንታ ኦፓል ጥሩ ስም ያገኘው ደርቆም የሚቆም ድንጋይ ስለሆነ ነው። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ ከሸዋ ከመዘዞ በኩል የወጣው ብዙው እየተሰነጠቀ ገበያውን አስፈርቶ ነበር። ያ ስም እንዳይመለስብን ነው የምለፋው።

ከጉድጓድ ሲወጣ እንዲህ አድርግ፦ ዙሪያውን ያለውን አፈርና አለት ወዲያው አትፈልቅቅ። ገደሉ አፍ ላይ ፀሐይና ነፋስ እንዲመታው አታስጣው። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ወደ ቤት ውሰደው። ጨርቁ ራሱ በጥላ ይድረቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ቀይረው።

ከሐይቅ፣ ነጋዴ፦ «ውሃ ከሞላ ጠርሙስ 11 ግራም ጥሬ ገዛሁ። ቤት ደርቆ 10 ግራም ሆነ። ሚዛኑ ነው ወይስ ተበላሁ?»

ሚዛኑ ደህና ነው። አንድ ግራም ውሃ በኦፓል ዋጋ ገዝተሃል። የወሎ ድንጋይ ከክብደቱ አሥር በመቶ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ድንጋዩን ለመጠበቅ ብሎ ይሁን ሚዛን እንዲያነሳ ብሎ፣ ከጠርሙሱ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ውሉን በደረቅ ክብደት አድርጉት፣ ጭቅጭቁ ይቀራል።

ይኸው ክብደት ግን ለሌላም ይጠቅምሃል። ድንጋዩ መድረቁን በዓይን ማወቅ ያስቸግራል፣ ሚዛን ግን ይነግርሃል። አንተን የመሰለ ሰው የወርቅ ሚዛን አያጣም። ድንጋዩን ዚፕ ባለው ፌስታል ውስጥ አድርግና አፉን ትንሽ ብቻ ክፈትለት። በየቀኑ በአንድ ሰዓት መዝነህ ጻፍ። ያንተ 11 ግራም ለምሳሌ በማግስቱ 10.80፣ ቀጥሎ 10.62፣ 10.46 እያለ ቢወርድ ጥሩ እየሄደ ነው። በአንድ ሌሊት 10.50 ከደረሰ ግን ከጠጣው ውሃ ግማሹን ጥሏል፣ ፈጥኗል። የፌስታሉን አፍ አጥብበው። መጨረሻ ላይ 10.02፣ 10.00፣ 10.00፣ 10.00 ሲልህ፣ ማለትም ሦስት ቀን ቁጥሩ ካልተነቃነቀ፣ ነፃው ውሃ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት መቁረጫ ላይ አታውጣው።

በነገራችን ላይ 10.00 ሲልህ ውሃው ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም። ከድንጋዩ ጋር የተያያዘ ውሃ አለ። እሱ በክፍል ሙቀት አይወጣም፣ እንዲወጣም አንፈልግም።

ከኮምቦልቻ፣ ወርቅ ሠሪ፦ «እኔ ቀለበት ስበይድ ፈርጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው። አንድም አልፈነዳብኝም። ይህን ያህል የሚያስፈራ አይመስለኝም።»

ጋሼ፣ እጅዎን አልጠራጠርም። ግን ለኦፓል ይህን ዘዴ አልመክርም። ጨርቁ ሙቀቱን ያበርዳል፣ እውነት ነው። ውሃውን ግን ድንጋዩ ይጠጣዋል። ከዚያ እሳቱ በብሩ ወይም በወርቁ በኩል ሲደርሰው ውሃ የጠጣ ኦፓል ነው የሚሞቀው። ኦፓል ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። የተነካው ጎን ሲሰፋ ሌላው ጎን ገና ቀዝቃዛ ነው። ቀዳዳው ውስጥ ያለው ውሃ ደግሞ እንፋሎት መሆን ይፈልጋል፣ መውጫው ግን ጠባብ ነው። ያን ቀን ባይፈነዳም ስንጥቁ ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ያኔ ደንበኛው እርስዎን አያስታውስም፣ ድንጋዩን ነው የሚረግመው።

ፈርጡ ይውለቅ፣ ብየዳው ይለቅ፣ ብረቱ በራሱ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይመለስ። በእንፋሎትና በአልትራሳውንድ ማጽጃም አያጽዱት።

እኚሁ ወርቅ ሠሪ፦ «ሳወልቀው ፈርጡን የያዘው የቀለበቱ ጥርስ ቢሰበርስ? ወይ ድንጋዩ ቢነቃ? ማን ይከፍላል?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ቀጭን ጥርስ ደጋግሞ ሲታጠፍ ይሰበራል፣ ድንጋዩም ሲወልቅ ጫፉ ሊነቃ ይችላል። እኔ ከሁለቱ አደጋ ማውለቁን እመርጣለሁ። ግን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ለባለቤቱ ሁለቱንም እነግረዋለሁ። ካልተስማማ ቀለበቱን እንዳለ ይዞት ይሂድ። እርስዎ በሌላ መንገድ ቢያዩት አልፈርድም።

ከመርሳ፣ እናት፦ «ልጄ ሪያድ ናት። ለሰርጓ የላክሁላት የአንገት ፈርጥ እዚያ ተሰነጠቀ። ቅባት ስላልቀባችው ነው አሉኝ። ውነት ነው?»

እናቴ፣ ቅባት ባለመቀባቷ አይደለም፤ ጥፋተኛ አታድርጓት። ቅባት የወጣውን ውሃ አይተካም። ይልቁንም ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ድንጋዩም እየዋለ ሲያድር ቢጫ ይሆናል። ውሃ ይወጣል፣ የፀጉር ቅባትና ቅቤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይወጣም። ሽቶም እንደዚያው ነው።

ምን እንደሰነጠቀው ድንጋዩን ሳላይ አልናገርም። ሊሆን የሚችለው ሁለት ነው። አንድም ከዚህ ሲሄድ ውስጡ ገና እርጥብ ነበር፣ የሪያድ ደረቅ አየርና ቀን ከሌት የሚሠራው ኤሲ በአንድ ጊዜ አደረቀው። አንድም ሲሞረድ ሞቆ ውስጡ የተደበቀ ስንጥቅ ነበረው። ሌላ ስትልኩላት ሻጩ ድንጋዩን ካደረቀ ስንት ጊዜ እንደሆነው ጠይቁ። እሷም የተሰነጠቀውን አትጣለው፣ በውሃም አትንከረው። ውሃ ስንጥቁን ለጊዜው ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ አይገጥመውም።

ከደሴ፦ «ወይባ ጢስ ስገባ የኦፓል ቀለበቴን ባደርገውስ? እጄ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው እኮ።»

አውልቂው። ሙቀቱ አለ፣ ላቡ አለ፣ ቅባቱ አለ፣ ጭሱም አለ። ነጭ ኦፓልን ጥቁር ለማስመሰል ሆን ተብሎ በጭስ ይታፈናል፣ ቀለሙም ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ያንቺ ደግሞ ያለፈቃድሽ ሊጠቁር ይችላል። ሂና ስትቀቢም እንደዚሁ።

ከወልዲያ፦ «ማለት ከአውስትራሊያ የመጣ ኦፓልም ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል?»

አይ፣ እኔ የማወራው ስለ ወሎው ነው። የአውስትራሊያው ውስጡ ውሃ ቢኖርም አብዛኛው ውሃ አይጠጣም፣ ስለዚህ ቀለሙ አይጠፋም። ድንገተኛ ሙቀት ግን እሱንም ይሰነጥቀዋል። ከላይና ከታች ሌላ ነገር ተለጥፎበት የተሠራ ከሆነ ውሃው ማጣበቂያውን ሊያላቅቀው ይችላል።

ከሐይቅ፣ ነጋዴው እንደገና፦ «ሦስት ቀን ቁጥሩ ቆመ እንበል። ስንጥቅ አለመኖሩን በምን አውቃለሁ? ከዚያስ ዋስትና አለው?»

ጨለማ ክፍል ግባና የስልክህን ባትሪ ከጎን አብራበት፣ ከላይ አይደለም። ድንጋዩን ቀስ እያልክ አዙረው። ጭረት ከሆነ ላይ ላዩን ብቻ ይታያል፣ ጥፍርህም ይሰማዋል። ስንጥቅ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ በአንድ አቅጣጫ ብርሃኑን እንደ ወረቀት ይመልስና ስታዞረው ይጠፋል። ላዩ ላይ ጥቃቅን መስመሮች ተጠላልፈው ካየህ ድርቀት የሠራው ነው። የሚያጎላ መነጽር ካለህ አሥር እጥፍ የሚያጎላው ይበቃል።

ዋስትና የሚባል ነገር ግን የለም። ደርቆ ወር የቆመ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ይቆማል። እኔ ጥሬውን ከደረቀ በኋላ ጥቂት ወር ሳላቆየው አልሞርድም። ዓመት ካልሞላው አልነካም የሚል ባለሙያም አውቃለሁ፣ ሁለታችንም በዚህ ተስማምተን አናውቅም። እኔ ፌስታሉ ላይ የደረቀበትን ቀንና ደረቅ ክብደቱን እጽፍበታለሁ። ከወራት በኋላ ስመዝነው ክብደቱ ከጨመረ እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው፣ እንደገና አፉን ትንሽ ከፍቼ እጠብቀዋለሁ።