ውሉ አልቋል፤ ባንኩ ግን መቁረጡን አላቆመም

«መርካቶ አካባቢ የተከራየሁት ሱቅ ውሉ ሰኔ 30 ቀን 2017 አልቋል። ኪራዩን 28,000 ብር ወር በገባ በ5ኛው ቀን ባንኩ ከሒሳቤ ቆርጦ ለአከራዩ እንዲያስገባ ስታንዲንግ ኦርደር ፈርሜ ነበር። ውሉ ካለቀም በኋላ የሐምሌ፣ የነሐሴ፣ የመስከረምና የጥቅምት ተቆርጧል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቅርንጫፉ ሄጄ ውሌ እንዳለቀ ነግሬያቸዋለሁ። አሁን ስጠይቃቸው ‹ከአከራይዎ ጋር ይጨርሱ› ይሉኛል። ባንኩን ከስሼ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?»

መክሰስማ ይችላሉ። ማሸነፍዎ ግን ባልነገሩኝ ነገሮች ላይ ይወሰናል። አንደኛ፣ ባንኩ ውስጥ የፈረሙት ቅጽ ምን ይላል? ሁለተኛ፣ ነሐሴ ላይ የሄዱት ባዶ እጅዎን ነው ወይስ ደብዳቤ ይዘው? ሦስተኛ፣ የሱቁን ቁልፍ መቼ አስረከቡ? በጥያቄዎ ውስጥ ስለ ቁልፍ አንዲት ቃል የለችም። እሷ ዝምታ ትንሽ አሳስባኛለች፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከቅጹ ልጀምር። ስታንዲንግ ኦርደር ለባንኩ የሚሰጥ ትእዛዝ ነው፤ «ይህን ያህል ብር፣ በዚህ ቀን፣ ለዚህ ሰው ክፈልልኝ» ይላል። የኪራይ ውሉ ያለው በእርስዎና በአከራዩ መካከል ነው። ባንኩ በዚያ ውል ላይ አልፈረመም፤ መቼ እንደሚያልቅም የማወቅ ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ውሉ ሰኔ 30 ሲሞት ትእዛዙ አብሮ አይሞትም። ነገር ግን በብዙ ባንኮች ቅጽ ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻ ክፍያ ቀን የሚሞላበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የመጨረሻው ክፍያ የሰኔ መሆኑ ተጽፎ ከሆነ፣ ባንኩ ከሐምሌ ጀምሮ የከፈለው ያለ ትእዛዝ ነው። አራቱም ወር፣ ማለትም 112,000 ብር፣ በባንኩ ራስ ላይ ይመጣል። ቦታው ባዶ ከሆነ ወይም «ሌላ ማሳወቂያ እስኪሰጥ ድረስ» የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ባንኩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው። እባክዎ ከሁሉ በፊት የዚያን ቅጽ ኮፒ ከቅርንጫፉ ይጠይቁ። ቅጹን ሳያይ «ባንኩን እናሸንፈዋለን» የሚልዎት ጠበቃ ካለ ይጠንቀቁ።

ቅጹ የማብቂያ ቀን የለውም እንበል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይኸው ነው። ያኔ ዋናው ጥያቄ ትእዛዙን የሻሩት በየትኛው ቀን ነው የሚለው ይሆናል። የመሻር መብትዎ አያጠራጥርም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2226 ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር እንደሚችል ይናገራል፤ ባንኩም በዚህ ጉዳይ የእርስዎን ትእዛዝ የሚፈጽም ነው። በዚህ መሠረት የሐምሌ 5 እና የነሐሴ 5 ክፍያዎች፣ 56,000 ብር መሆኑ ነው፣ ከመሻርዎ በፊት የተፈጸሙ ናቸው። እነዚህን ከባንኩ አያገኙም። የመስከረምና የጥቅምቱን 56,000 ብር ግን ነሐሴ መጨረሻ ላይ መሻርዎን ካስረዱ ከባንኩ መጠየቅ ይችላሉ።

ችግሩ «ካስረዱ» የምትለው ላይ ነው። ለማን ነገሩ? ስሟን ያውቃሉ? ምን ብለው ነገሯት? መስኮት ላይ የተቀመጠች ሠራተኛ በቀን ስንት ሰው ታስተናግዳለች? ፍርድ ቤት ቀርባ «አላስታውስም» ብትል አይፈረድባትም። በቃል የተነገረ ነገር መዝገብ ላይ አይኖርም። ባንኩም «ምንም አልደረሰኝም» ይላል፤ ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። መቶ ሺህ ብር የሚነካ ጉዳይ በአፍ ተነግሮ አይኬድም ነበር። ቁጣ አይደለም፤ ግን ይህን ማለት አለብኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ ልምጣ፤ ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ የሚወድቁበት ነው። ደንበኛው ለባንኩ ሁለት ገጽ ይጽፋል። ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ አከራዩ ምን እንዳደረገው፣ ኪራይ ሊጨምርበት እንደሞከረ፣ በመጨረሻም ውሉ እንደተቋረጠ ይተርካል። መዝጊያው ላይ «ስለዚህ ባንኩ ጉዳዩን አይቶ ተገቢውን እንዲያደርግልኝ» ይላል። ይህ ደብዳቤ ወደ ባንኩ የሕግ ክፍል ይሄዳል። የሕግ ክፍሉ አንብቦ «ይህ በሁለት ወገኖች መካከል ያለ የውል ክርክር ነው፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቅረብ» ብሎ ይመልሰዋል። ያንን መልስ ያመጣው ደብዳቤው ራሱ ነው። ባንኩን ዳኛ አድርጎታል፤ ባንኩ ደግሞ ዳኛ መሆን አይፈልግም፤ ሥራውም አይደለም። ‹ከአከራይዎ ጋር ይጨርሱ› የተባሉትም «ውሌ አልቋል» ስላሉ ይመስለኛል። ውልዎ አለቀ አላለቀ ለባንኩ ምኑም አይደለም። ማወቅ የሚፈልገው ትእዛዝዎን መልሰው እንደወሰዱ ብቻ ነው። ውሉ ገና ሁለት ዓመት ቢቀረውም እንኳ ከባንኩ ጋር ባለዎት ግንኙነት ትእዛዙን መሻር ይችላሉ። ለአከራዩ ባለመክፈል የሚመጣ ጣጣ ካለ የሚጠየቁት በእሱ በኩል ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው አጭር ይሁን። ክርክር፣ ታሪክ፣ ልመና አያስገቡበት። ለምሳሌ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«በስሜ ከተከፈተው የሒሳብ ቁጥር ... በየወሩ በ5ኛው ቀን 28,000 ብር ወደ አቶ ... የሒሳብ ቁጥር ... እንዲተላለፍ በቀን ... የሰጠሁትን ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ ሽሬያለሁ። ከዚህ በኋላ በዚህ ትእዛዝ መሠረት ምንም ክፍያ እንዳይፈጸም፣ ትእዛዙም ከሲስተም መውጣቱን በጽሑፍ እንድታረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ።»

ነሐሴ ላይ በቃል ያሉትን ማንሳት ከፈለጉ ለብቻው፣ በሌላ የቅሬታ ደብዳቤ ያድርጉት። ሁለቱን ካደባለቁ የሕግ ክፍሉ የሚያየው ቅሬታውን ነው፤ መሻሩ ከእሱ ጋር ይንጠለጠላል።

ደብዳቤውን ሒሳቡ በተከፈተበት ቅርንጫፍ ለሥራ አስኪያጁ በሁለት ኮፒ ያስገቡ። በእርስዎ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ሒሳቡ በድርጅት ስም ከሆነ የሚፈርመው የድርጅቱ ፈራሚ መሆን አለበት፤ በግል የጻፉት ውድቅ ይሆናል። «እሺ፣ ተዉልን» ብለው ማኅተም ከነፈጉዎት በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። በ4ኛው ቀን ከሰዓት አይሂዱ፤ የነገው ክፍያ ከወዲሁ ሊዘጋጅ ይችላል። የሚቀጥለው ቀን ኅዳር 5 ስለሆነ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ቀደም ይበሉ። አንዳንዶች ሒሳቡን ባዶ አድርገው ይተዉታል። ትእዛዙ አልተሻረም፤ ስለዚህ ብር በገባ ጊዜ እንደገና ሊቆረጥ ይችላል።

ባንኩ በቂ መልስ ካልሰጠ፣ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ መሠረት መጀመሪያ ለባንኩ የቅሬታ ክፍል፣ ከዚያ ለብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይቻላል። ይህም የሚያዋጣው ማኅተም ያለበት ኮፒ ሲኖር ነው።

ወደ ቁልፉ ልመለስ። ባንኩ አንድ ጊዜ ያስተላለፈውን ብር ከአከራዩ ሒሳብ በገዛ እጁ ጎትቶ አይመልስልዎትም። ስለዚህ ቢያንስ የሐምሌና የነሐሴው ብር የሚጠየቀው አከራዩ ነው። ለመክፈል ግዴታ ሳይኖርበት የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2164 ተደንግጓል። ነገር ግን ሁለት ነገር ሊያሰናክልዎት ይችላል። የመጀመሪያው፣ ዕቃዎ ሰኔ 30 ካለፈ በኋላ ሱቁ ውስጥ ነበር? ነሐሴ ላይ «ቀስ ብዬ አወጣለሁ» ብለው ነበር? አከራዩ ዝም ብሎ ኪራዩን ከተቀበለ ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደቀጠለ ይከራከራል። ማስረጃውስ? የእርስዎው የባንክ መግለጫ። እዚያ ላይ በየወሩ 28,000 ብር «ኪራይ» እየተባለ ተቆርጧል። ትእዛዙን አለመሻርዎ ለእሱ ሰነድ ሆኖለታል።

ሁለተኛው፣ የቁጥር 2165 ጉዳይ ነው። ግዴታ እንደሌለበት በሚገባ እያወቀ በፈቃዱ የከፈለ ሰው ማስመለስ አይችልም። ከሒሳብዎ ብር በወጣ ቁጥር በስልክዎ መልእክት ደርሶዎት ከሆነ፣ የአከራዩ ጠበቃ «አራት ጊዜ አይቶ ዝም ብሏል» ማለቱ አይቀርም። ሰው ትእዛዝ ረስቶ መቆረጡ በፈቃድ መክፈል አይደለም ብለን እንከራከራለን፤ ጥሩ ክርክር ነው። ግን እያንዳንዱ የዝምታ ወር ያዳክመዋል። ቁልፉን ካላስረከቡ ደግሞ ይህ ሁሉ ከመነሳቱ በፊት ተሸንፈዋል፤ ብሩ በእርግጥ ኪራይ ሊሆን ነው። እውነቱ ይህ ከሆነ ለጠበቃዎ በመጀመሪያው ቀን ይንገሩት፤ ከተከሳሹ መልስ ላይ እንዲያነበው አያድርጉት።

ቁልፉን ሰኔ 30 አካባቢ አስረክበው የርክክብ ወረቀት ካለዎት፣ አቋምዎ ጠንካራ ነው። ለአከራዩ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ የተላለፈውን ብር በቀናት ዘርዝረው እንዲመልስ ይጠይቁ። ከማስጠንቀቂያው በኋላ ሕጉ 9 በመቶ ወለድ እንዲጠየቅ ይፈቅዳል። የርክክብ ወረቀት ከሌለ ዕቃ የጫነውን የመኪና ደረሰኝ፣ የጎረቤት ነጋዴ ምስክርነት፣ አዲሱን የኪራይ ውልዎን ይፈልጉ። ማስጠንቀቂያውንም ቢሆን ከመላክዎ በፊት ለጠበቃ ያሳዩት፤ አንድ ያልታሰበ አረፍተ ነገር፣ ለምሳሌ «ዕቃዬን እስካወጣ ድረስ»፣ አከራዩ የሚፈልገውን ማስረጃ በፊርማዎ ይሰጠዋል።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ የኪራይ ውሉን፣ የስታንዲንግ ኦርደሩን ቅጽ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለውን በባንኩ ማኅተም የተረጋገጠ የሒሳብ መግለጫ፣ የርክክቡን ወረቀትና ከአከራዩ ጋር የተጻጻፉትን የስልክ መልእክት ይዘው ይሂዱ፤ መልእክቶቹን እንዳያጠፏቸው። የመሻሪያ ደብዳቤው ግን ጠበቃ እስኪገኝ አይጠብቅ፤ እሱን ነገ ጠዋት ያስገቡ።