ለአንጋፋ ባለሙያ የ20 ደቂቃ ምክር ስለ መጠየቅ

«ሐዋሳ ነው የምኖረው። በፍሳሽ ማጣሪያ ሥራ ብዙ ዓመት የቆዩ መሐንዲስ እንዲመክሩኝ ኢሜይል ልጽፍላቸው ፈልጌ ነበር፤ ሳላስቸግራቸው ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«ስለ ሙያው ቢመክሩኝ» የሚለው ልቅ ጥያቄ ትሕትና ቢመስልም ምን መመለስ እንዳለበት የማሰቡን ሥራ ጊዜ ለሌላቸው ሰው ስለሚያሸክም ብዙ ጊዜ ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ በአጭር ውይይት ሊቋጭ የሚችል አንድ ውሳኔ ይምረጡ፤ ለምሳሌ በላቦራቶሪ የሚሠሩ ከሆነ የኢሜይሉ ርዕስ «የ20 ደቂቃ ምክር ጥያቄ፦ ከላቦራቶሪ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ስለ መዛወር» ቢል ሳይከፍቱት ጉዳዩን ይረዱታል። ውስጡን እንዲህ ቢጽፉት እመርጣለሁ፦

«ይድረስ ለተከበሩ ኢንጂነር፣ በሐዋሳ የውሃ ጥራት ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ለመዛወር በቅድሚያ በኦፕሬተርነት ልሥራ ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር የሚለውን ለመወሰን፣ ሁለቱንም መንገድ የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ አስተያየትዎን እሻለሁ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ አለዚያም በሚመችዎ ጊዜ፣ 20 ደቂቃ በስልክ ቢያነጋግሩኝ ደስ ይለኛል። ካልተመቸዎ ሁለት መስመር ቢጽፉልኝም ይበቃኛል።»

ባለሙያው ውጭ አገር ከሆኑ ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይግለጹ። የሥራ ማስረጃዎን አያያይዙ፤ ምክር ሳይሆን ቅጥር የተጠየቁ ይመስላቸዋል። መልስ ከዘገየ ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በአጭሩ ያስታውሷቸው፤ ከዚያ በኋላ በስልክም ሆነ በሰው በኩል አይጎትጉቱ።