የሥራ ትንተና፣ የሥራ መዘርዝርና ተፈላጊ ችሎታ፦ ለፈተና ለምትዘጋጁ

ውድ የሰው ሀብት አስተዳደር ተማሪዎች፣

ከአቃቂ እስከ ገላንና ዱከም ባሉት ፋብሪካዎች ቀን እየሠራችሁ ማታ የምትማሩ ብዙ ናችሁ። ይህ ደብዳቤ ፈተና ላይ እየተመላለሰ ስለሚመጣ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጆብ አናሊሲስን፣ ጆብ ዲስክሪፕሽንንና ፐርሰን ስፔሲፊኬሽንን ለይታችሁ አስረዱ ስለሚለው። በመሥሪያ ቤት የሥራ ትንተና፣ የሥራ መዘርዝርና የተፈላጊ ችሎታ መግለጫ እንላቸዋለን። አብዛኛው ተማሪ ሦስት ትርጉም ሸምድዶ ይገባል፣ ሦስቱንም ጎን ለጎን ይደረድራል፣ ከዚያ ነጥቡ ለምን እንዳነሰ ይገረማል። ያነሰበት ምክንያት አንዱ ከሌላው እንዴት እንደሚወጣ ስላላሳየ ነው።

ልዩነቱ ራሱ አጭር ነው። የሥራ ትንተና ክንውን ነው፤ ተንታኙ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ድረስ ሄዶ መረጃ ይሰበስባል፣ ያመሳክራል፣ ይተነትናል። የቀሩት ሁለቱ ከዚያ ክንውን የሚወጡ ጽሑፎች ናቸው። መዘርዝሩ የሚናገረው ስለ ሥራው ነው፤ የሥራ መደቡን መጠሪያ፣ ተጠሪነቱን፣ ዓላማውን፣ ዋና ዋና ተግባራቱንና የሥራ ሁኔታውን ይይዛል። ተፈላጊ ችሎታው የሚናገረው ስለ ሰው ነው፤ ያንን ሥራ በአግባቡ ለማከናወን የሚያስፈልገውን ዕውቀት፣ ክህሎት፣ ልምድና ጠባይ ይይዛል። ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። መዘርዝር ሳይኖር የተጻፈ ተፈላጊ ችሎታ፣ ትንተና ሳይካሄድ የተጻፈ መዘርዝር፣ ሁለቱም ከሌላ ቦታ የተገለበጡ ናቸው ማለት ነው።

ይህን ብቻ ብትጽፉ ግን ፈታኙ ከመጽሐፍ ያነበባችሁትን መለሳችሁለት እንጂ ጉዳዩን መረዳታችሁን አላየም። ስለዚህ አንድ የሥራ መደብ ይዛችሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ውሰዱት። ለዚህ ደብዳቤ የመረጥኩት የዱቄትና የማካሮኒ ፋብሪካ የጥሬ ዕቃ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛን ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን ሰው በየቀኑ ታዩታላችሁ።

ትንተናው ሲጀመር ተንታኙ ያሉትን ሰነዶች ይሰበስባል፦ የድርጅቱን መዋቅር፣ የቆየውን መዘርዝር ካለ፣ ሠራተኛው የሚሞላቸውን ገቢና ወጪ ማድረጊያ ቅጾች፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ። ቀጥሎ ሠራተኛውን ያነጋግራል። «ምን ትሠራለህ?» ሲባል የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ዕቃ እቀበላለሁ፣ ዕቃ አወጣለሁ» የሚል ነው። ይህ ውሸት አይደለም፣ ግን ለመዘርዝር አይበቃም። የቅርብ ኃላፊው ሲጠየቅ ደግሞ ሌላ ይጨምራል፤ ስንዴው አልቆ ወፍጮው እንዳይቆም አስቀድሞ ማሳወቅ የግምጃ ቤቱ ሥራ ነው ይላል። ሠራተኛው ይህን አላነሳም፤ ወይ ረስቶታል፣ ወይ የእሱ ሥራ ነው ብሎ አያምንም። ተንታኙ እዚህ ላይ ልዩነቱን መዝግቦ ማጣራት አለበት። ለፈተና መልሳችሁ ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፤ ቃለ መጠይቅ ብቻውን የማይበቃው ሰው ስለ ሥራው ሲናገር የሚተወውም የሚያጋንነውም ስላለ ነው።

ከዚያ ምልከታ ይመጣል። የስንዴ መኪና ሲገባ ቆሞ ማየት ነው። መኪናው ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የጥራት ክፍል ናሙና ወስዶ እርጥበቱን ይለካል፣ ካለፈ በኋላ ማራገፍ ይጀመራል። ኩንታሉን የሚሸከሙት ጫኝና አውራጆች ናቸው። ግምጃ ቤት ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ ይቆጥራል፣ የተቀደደውንና የረጠበውን ለይቶ ያስቀምጣል፣ የሚደረደርበትን ቦታ ያሳያል፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አዲሱን ከኋላ ያስደረድራል። በመጨረሻ የተቆጠረውን ከሚዛኑ ወረቀትና ከግዥ ትእዛዙ ጋር አመሳክሮ የገቢ ደረሰኙን ይቆርጣል፣ ቢን ካርዱ ላይ ይመዘግባል። ልዩነት ካለ ደረሰኙ ላይ ጽፎ ሾፌሩን ያስፈርማል።

ምልከታም የራሱ ጉድለት አለው። ተንታኙ የመጣው በወሩ አጋማሽ ከሆነ የወር መጨረሻ ቆጠራን አያይም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሚካሄደውን ዓመታዊ ቆጠራማ በአንድ ሳምንት ምልከታ ማግኘት በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ ነው። ይህን ለመሸፈን ሠራተኛው የወር መዝጊያን የሚያካትት የሥራ ማስታወሻ እንዲይዝ ይደረጋል፤ በዓመት አንዴ የሚመጣው ደግሞ በቃለ መጠይቅ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጆን ፍላናገን ያስተዋወቀው የወሳኝ ክስተት ዘዴም እዚህ ይጠቅማል። ኃላፊው ሥራው በጣም የተበላሸበትንና በጣም የተሳካበትን አጋጣሚ እንዲተርክ ይጠየቃል። ለምሳሌ አዲሱ ስንዴ ከፊት ተደርድሮ አሮጌው ከኋላ ተረስቶ ነቅዞ ቢገኝ፣ ይህ አጋጣሚ ድርደራን መከታተል ከዋና ዋና ተግባራት አንዱ መሆኑን ይነግረናል።

አሁን መዘርዝሩ ይጻፋል። አንዱን ተግባር ብቻ እንይ። «ዕቃ ይቀበላል» ብሎ መተው ደካማ ነው። «የገባውን ጥሬ ዕቃ ከግዥ ትእዛዝና ከሚዛን ወረቀት ጋር አመሳክሮ ይረከባል፤ ልዩነትና ጉዳት ካለ በገቢ ደረሰኝ ላይ ይመዘግባል፤ በዕለቱም ለቅርብ ኃላፊው ያሳውቃል» ሲባል ግን ምን እንደሚደረግ፣ በምን እንደሚደረግና ውጤቱ ምን እንደሆነ ይታያል። በዚህ ዓይነት ከስድስት እስከ አሥር የሚሆኑ ዋና ተግባራት ይበቃሉ። ሠላሳ ከሆኑ ተግባርና ንዑስ ሥራ ተቀላቅለዋል። በየመዘርዝሩ መጨረሻ የምታዩት «ከቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል» የሚለው መስመር ነውር የለበትም፤ ነገር ግን «ተዛማጅ» የሚለው ገደብ ነው። ግምጃ ቤት ሠራተኛውን በዚህ መስመር ተመርኩዞ ወፍጮ እንዲያሠራ ማዘዝ አይቻልም።

መኪና ከሥራ ሰዓት በኋላም እንደሚገባ ትንተናው ካሳየ ይህ በሥራ ሁኔታ ሥር ይገባል። አቧራውም እንዲሁ። ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠን ግን በቅጥር ውሉና በደመወዝ ስኬሉ እንጂ በትንተናው አይወሰኑም፤ ተማሪዎች መልሳቸው ውስጥ ሲቀላቅሉት አያለሁ።

ተፈላጊ ችሎታው የሚወጣው ከመዘርዝሩ፣ መስመር በመስመር ነው። ሦስት ሰነድ አመሳክሮ ይረከባል ካልን፣ ቁጥር ሳይሳሳት ማስላትና ሰነድ ማንበብ የሚችል ሰው ያስፈልጋል። የገቢና ወጪ መዝገብ በኤክሴል ይይዛል ካልን፣ ኤክሴል መጠቀም የሚችል እንፈልጋለን። ልዩነት ሲገኝ ሾፌሩን አስፈርሞ ያሳውቃል ካልን፣ መኪናው ቶሎ ይውጣልን ብለው ቢጫኑት ሳይቆጥር የማይፈርም ጠባይ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው በምስክር ወረቀት ስለማይታይ በቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚለካ አብሮ መታሰብ አለበት። ከዚያ መመዘኛዎቹ የግድ የሚያስፈልጉና ቢኖሩ የሚመረጡ ተብለው ይከፈላሉ። በዱቄት ፋብሪካ መሥራቱ ቢኖር ይመረጣል፤ በሌላ ግምጃ ቤት የሠራ ሰው የስንዴውን ጠባይ በጥቂት ጊዜ ይለምደዋል። ሰነድ ማመሳከርን ግን ገብቶ ይማረዋል ብሎ መቅጠር ለጉድለት በር መክፈት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ። የፋብሪካ በር ላይ የሚለጠፉትን የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያዎች እስቲ ልብ ብላችሁ አንብቡ። ለዚሁ መደብ «ፆታ፦ ወንድ፣ የተሟላ አካላዊ ጥንካሬ ያለው» ተብሎ ታገኛላችሁ፤ ኩንታል አለና። ይህን የጻፈው ሰው መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አላየም። ትንተናችን እንዳሳየው ኩንታሉን የሚያነሱት ጫኝና አውራጆች ናቸው፤ ሠራተኛው ይቆጥራል፣ ያመሳክራል፣ ይመዘግባል። በመዘርዝሩ ውስጥ «ይሸከማል» የሚል መስመር ስለሌለ የጉልበት መስፈርቱ መሠረት የለውም፣ ይወጣል። የፆታውም አብሮ ይወጣል። ጉዳዩ የሕግም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በፆታና በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን ይከለክላል፤ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም የሥራው ጠባይ ግድ ካላለ በቀር እኩል ዕድል የሚያሳጣ የመምረጫ መስፈርትን አይቀበልም። የሥራው ጠባይ ግድ ማለት አለማለቱን የምታስረዱት በምን ይመስላችኋል? በትንተናው ነው። በፋይል የተያዘ ትንተና የሌለው ድርጅት መስፈርቱን ለምን እንዳወጣ ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ የንድፈ ሐሳብ ነጥብ ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1952 አሌክ ሮጀር ያወጣው የሰባት ነጥብ ዕቅድ ሰውን በአካላዊ ሁኔታ፣ በትምህርትና በልምድ፣ በአጠቃላይ የማሰብ ችሎታ፣ በልዩ ዝንባሌ፣ በፍላጎት፣ በጠባይና በግል ሁኔታ ይመዝናል። ምንም ሳይዘሉ ለማሰብ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ርእስ ስላሉ ብቻ የሚሞሉ ከሆነ፣ አግብታለች ወይ፣ ልጅ አላት ወይ፣ ቁመቱ ስንት ነው ወደሚል ይወስዳሉ። ከመዘርዝሩ የሚደግፈው ተግባር የሌለው ርእስ ባዶ ይተዋል።

የዲግሪ ጉዳይም እንዲሁ ነው። የቴክኒክና ሙያ ደረጃ የሚበቃውን መደብ ዲግሪና አምስት ዓመት ልምድ ብሎ መጠየቅ አመልካች ለመቀነስ ያመቻል። ተቀጣሪው ግን ወዲያው የተሻለ ቦታ መፈለግ ይጀምራል፤ ቁልፍ ርክክብና ቆጠራም በወራት ልዩነት ይደጋገማል።

ፈተናው ላይ ጥያቄው 10 ነጥብ የሚይዝ ከሆነ፣ ከላይ በአጭሩ ያስቀመጥኩትን ልዩነት በመጀመሪያው አንቀጽ በአራት ወይም በአምስት ዓረፍተ ነገር ጨርሱት። ሰፊውን ቦታ ለአንድ ምሳሌ ስጡ፤ ከትንተናው አንድ ግኝት፣ ከግኝቱ አንድ የመዘርዝር መስመር፣ ከመስመሩ አንድ ወይም ሁለት መስፈርት አውጡ። ከዚያ ትንተናው ያስወጣውን አንድ መስፈርት ከምክንያቱ ጋር ጻፉ። ሠንጠረዥ ከሠራችሁ ከሥሩ ግንኙነቱን በዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ ሠንጠረዥ ልዩነትን እንጂ ቅደም ተከተልን አያሳይም። ስትጨርሱ የዓረፍተ ነገሮቻችሁን ባለቤት ፈትሹ። ትንተና ላይ የሚሠራው ተንታኙ፣ መዘርዝር ላይ የሥራ መደቡ፣ ተፈላጊ ችሎታ ላይ ገና ያልተቀጠረው ሰው ነው። መዘርዝሩ ውስጥ «ታማኝና ትጉ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ያለ ቦታው ገብቷል። «አሁን ያለው ሠራተኛ ቅዳሜም ይገባል» ካላችሁም ሥራውን ትታችሁ በመደቡ ላይ የተቀመጠውን ግለሰብ መግለጽ ጀምራችኋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ የትንተናው ዕድሜ ውሱን መሆኑን ጨምሩ። ፋብሪካው ቢን ካርዱን ትቶ ወደ ኮምፒውተር የንብረት መቆጣጠሪያ ሲስተም ከዞረ የምዝገባ ተግባሩ ይቀየራል፣ አብሮት የክህሎት መስፈርቱ ይቀየራል፤ ከሚዛን ወረቀት ጋር አመሳክሮ የመረከቡ ተግባር ግን እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ እንደገና የሚተነተነው የተነካው ክፍል ነው፤ መዘርዝሩም የተሻሻለበት ቀን ተጽፎበት የቀድሞው ቅጂ ፋይል ይደረጋል።