ደንበኛ ሳይኖር ምን ይታያል?

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። «ጋሼ፣ ዲዛይን ተምሬያለሁ። እስካሁን ግን ማንም ከፍሎ አላሠራኝም። ሥራ ስጠይቅ ናሙና አሳዪ ይሉኛል። ምን ላሳይ?» ጥያቄዋን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ዓመት የቆየ አንድ ነገር ከልቤ አልወጣ አለ።

ያኔ ደሴ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ረዳት ዲዛይነር ይፈልግ ነበርና አንድ ወጣት ትልቅ ጥቁር አቃፊ ይዞ መጣ። እጁ ድንቅ ነበር። በአቃፊው ውስጥ የታወቁ የጫማና የለስላሳ ኩባንያዎችን አርማ በራሱ መንገድ አድሶ ሥሎታል። ቀለም በቀለም ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ጥላው ያምራል። ባለቤቱ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ይሄን በስንት ቀለም ላትመው? ፕሌቱ ስንት ያስወጣኛል?» አለው። ፕሌት ለእያንዳንዱ ቀለም ለብቻው የሚዘጋጅ የማተሚያ ሰሌዳ ነው። ልጁ ዝም አለ። «ማን እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆሃል?» ሲለውም መልስ አልነበረውም። ሥራው በማግስቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ሻይ ስንጠጣ ልጁ ሂሳብ ለመክፈል ቦርሳውን ከፈተ። አንድ የተጨማደደ ደብተር ወጣ። ምንድነው አልኩት። «ምንም አይደለም፣ የአክስቴ የወፍጮ ቤት ቲኬት ነው» አለ። ተቀብዬ ሳየው ደነገጥኩ።

የአክስቱ ወፍጮ ቤት ችግሩ ማዳበሪያ መቀያየር ነበር። ገበያ ቀን እህል ይዞ የሚመጣው ሰው ይበዛል። ማዳበሪያው ሁሉ ይመሳሰላል። ስም በወረቀት ቁራጭ ላይ ይጻፋል፣ ወረቀቱ ይወድቃል፣ ከዚያ ጠብ ነው። ልጁ የሠራው ለሁለት የሚቀደድ ትንሽ ቲኬት ነው። በሁለቱም ክፍል አንድ ዓይነት ቁጥር አለ። አንዱ ማዳበሪያው አፍ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው በእህሉ ባለቤት እጅ ይቀራል። መጠኑ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ስምንት የሚወጣ ነው።

የመጀመሪያው ንድፍ ከሽፎበታል። እሱንም ደብተሩ ውስጥ አስቀምጦታል። ቁጥሩን ጥግ ላይ በትንሹ ጽፎት ነበር። ወፍጮ ቤት ውስጥ ግን ብርሃኑ ደካማ ነው፣ ዱቄት ይቦንናል፣ ፈጪው ደግሞ ቆሞ ነው ወደ ታች የሚያየው። ስለዚህ በሁለተኛው ንድፍ ቁጥሩን አሳድጎ መሐል አደረገው። ወረቀቱም መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ነበር። እስክሪብቶ ስለማይዝ፣ የተጻፈውም ቶሎ ስለሚሰረዝ፣ ወደ ተራው የደብተር ዓይነት ወረቀት ዞረ።

ከሁሉም የገረመኝ ቀለሙ ነው። አክስቱ የበርበሬ ወፍጮና የጤፍ ወፍጮ ለይታ ነው የምትሠራው። ማዳበሪያው በስህተት ወደ በርበሬው ወፍጮ ከሄደ ጤፉ ተበላሸ ማለት ነው። ልጁ ባለቀለም ቲኬት ቢያሳትም ለእያንዳንዱ ቀለም ፕሌት ያስፈልጋል፣ ውድ ይሆናል። እሱ ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አደረገው። ነጭ ወረቀት ለጤፍ፣ ቢጫ ለስንዴና ለገብስ፣ ሮዝ ለበርበሬ። ቀለም አንድ፣ ጥቁር ብቻ። ፕሌት አንድ። ወረቀቱን ብቻ እየቀየሩ ማተም ነው።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለጠየቀው ጥያቄ መልሱ ይህ ደብተር ነበር። ልጁ ግን ቦርሳው ውስጥ ደብቆት ዲዛይን ነው ብሎ አላሰበውም። በኋላ ወደ ውጭ አገር ሄደ መባሉን ሰማሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ልጄ፣ ያንን ደብተር ሥሪ። ሦስት ሥራ ይበቃል። አካባቢሽ ካለ፣ ሰው በየቀኑ ከሚነካው ወረቀት ወይም ሰሌዳ ጀምሪ። የማር ቤት ምልክት፣ የፋርማሲ የመድኃኒት ከረጢት፣ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ታሪፍ፣ የሰርግ ወይም የመውሊድ ጥሪ ካርድ። አሁን ያሉ ወጣቶች ስማቸውን ቡና ስኒና ቦርሳ ላይ ለጥፈው በሞክአፕ፣ ማለትም በኮምፒዩተር በተቀናበረ ምስል ያሳያሉ። ምስሉ ያምራል፣ ነገር ግን የትኛውን ችግር እንደፈታ አይናገርም። ስታዩ ደስ ይላል እንጂ አሠሪ አያምንበትም።

እያንዳንዱን ሥራ በሁለት ገጽ አሳዪ። በመጀመሪያው ገጽ የድሮውን ወረቀት እዚያው ሱቅ ውስጥ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አድርጊ። ከሥሩ ችግሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ያልሠራውን ንድፍ ጨምሪ፣ ለምን እንዳልሠራም። በሁለተኛው ገጽ የመጨረሻውን አትመሽ፣ ቆርጠሽ፣ በሰው እጅ ተይዞ አንሺው። በስንት ቀለም፣ በምን ወረቀት እንደታተመ ጻፊ። ዋጋውን ከአንድ ማተሚያ ቤት ጠይቀሽ ብትጨምሪ ደግሞ ትበልጫለሽ። ባለሱቁ ሳይፈቅድ ፎቶ አታንሺ። ያልተከፈለበት ሥራ ከሆነም «ለናሙና በራሴ የሠራሁት» ብለሽ ጻፊ። ተከፍሎሽ የሠራሽ ማስመሰል በአንድ የስልክ ጥሪ ይጋለጣል፤ ደሴና ኮምቦልቻ ደግሞ ሰው ይተዋወቃል።

በነፃ አትሥሩ እያልኩ ለዓመታት ስመክር ኖሬያለሁ። አሁንም እላለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ባለሱቁ ያዘዘሽ ሥራ አይደለም፣ አንቺ የመረጥሽው ነው። እሱ «አንዴ ይህን ደግሞ አስተካክይልኝ» ማለት ሲጀምር ዋጋ ተናገሪ።

የፊደል ነገር ብዙዎችን ያሳፍራል። ከድሮ የኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደሎች፣ ፎንት ከምንላቸው፣ በዩኒኮድ ያልተሠሩ አሉ። ዩኒኮድ ኮምፒዩተሮች ሁሉ እያንዳንዱን ፊደል የሚለዩበት የጋራ ቁጥር አሰጣጥ ነው። በእነሱ የጻፍሽው ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይበታተናል። አሠሪው ሲከፍተው ምንም አይነበብም። በዩኒኮድ ፎንት ጻፊ፣ ወደ ፒዲኤፍ ስትለውጪም ፎንቱ አብሮ መካተቱን አረጋግጪ። ከዚያ ሌላ ሰው ስልክ ላይ ክፈቺው። ደግሞ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ አጉልተሽ ስላየሽው ብቻ ጽሑፉ ይነበባል አትበይ። እንደ ጨ፣ ሕ፣ ጩ ያሉት ፊደሎች መስመራቸው የተቀራረበ ነው። በትንሽ መጠን ሲታተሙ ይደፈናሉ። በትክክለኛ መጠኑ ታትሞ ካልታየ አይታወቅም።

ደግሞ ሥራሽን በአንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጪ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ስንት ማተሚያ ቤት ኮምፒዩተሩን አጣ። የእኔም የብዙ ዓመት ፋይል አብሮ ሄደ። የቀረኝ ሰዎች ቤት የተገኘው የታተመ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጂሽ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድሽ ጋ ይኑር፣ ደመና በሚሉት የኢንተርኔት ማከማቻ ላይም ይኑር።

ዲዛይነር ሳትሆኑ ጸሐፊ የሆናችሁም ጠይቃችሁኛል። መንገዱ ያው ነው። ልብ ወለድ ብቻ አታሳዩ። የአንድ ሆቴል ምናሌ ወይም የክሊኒክ ማስታወቂያ ውሰዱ፣ ሰው የማይገባውን አረፍተ ነገር ለዩ፣ ዳግም ጻፉት፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንድ ሰው አንብቦ ምን እንደተረዳም ጨምሩ።

በቴሌግራም ስትልኩ ምስሉን እንደ ፎቶ አትላኩት፣ ጥራቱ ይወርዳል። እንደ ፋይል ላኩት። ትልቅ ከሆነም አሠሪው ኔትወርኩ ደካማ በሆነ ሰዓት ሊከፍተው ስለማይችል መጠኑን ቀንሱት። ልጄ፣ አንቺ ደግሞ ሦስቱን ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።