ለጡረታ ሁለት ዓመት የቀራቸው ኃላፊና የፋብሪካው ባለቤት የእህት ልጅ

«ሰላም ጋሼ። አዳማ ውስጥ ባለ የዱቄትና ፓስታ ፋብሪካ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። የቴክኒክ ክፍል ኃላፊያችን 58 ዓመታቸው ነው፤ 27ቱን እዚሁ ነው የሠሩት። ሥራ አስኪያጁ ‹ተተኪ አዘጋጂ› ብሎ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። አንድ ጎበዝ የፈረቃ መካኒክ አለ፣ ግን ዲፕሎማ ነው ያለው። አንዲት ኤሌክትሪካል ኢንጂነር አለች፣ ገና 4 ዓመቷ ነው። የፋብሪካው ባለቤት የእህት ልጅ ደግሞ በመካኒካል ተመርቆ መጥቷል፤ ‹እሱን አድርጊው› እየተባልኩ ነው። ኃላፊው ምንም አይጽፉም፣ አያስተምሩም። እናቴ ‹ጣጣ ውስጥ አትግቢ፣ ባንክ ተቀጠሪ› ትለኛለች። ኤም ቢ ኤ ልጀምር ይሆን?»

ኤም ቢ ኤው ይቆይ። ይህን ሥራ ጨርሰሽ ብትማሪ ክፍል ውስጥ የምትናገሪው ነገር ይኖርሻል።

የእህቱን ልጅ ጉዳይ ግን በቀላሉ አላልፈውም፤ ይህን ዓይነት ነገር ደጋግሜ አይቼ ሰልችቶኛል። ባለቤቱ በገንዘቡ የፈለገውን ይሹም፣ መብቱ ነው። ነገር ግን መጀመሪያ ሰው መርጦ መስፈርቱን በኋላ በልኩ ማስጻፍ ማለት አንቺን ለማኅተም መጠቀም ነው። ልጁ ይወዳደር፣ ግን እንደ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ይመዘን። አጎቱ በእውነት የሚወደው ከሆነ፣ መካኒኮቹ የማይሰሙት አለቃ አድርጎ አያስቀምጠው።

ስለዚህ ሦስቱን ስሞች ለጊዜው እርሻቸው። መጀመሪያ ሥራውን እወቂው። የሥራ መዘርዝሩ አይረዳሽም፤ «የጥገና ሥራን ይመራል፣ ይቆጣጠራል» ከሚል ወረቀት ምን ይገኛል? አንድ ደብተር ግዢና ለአንድ ወር ሰውዬውን ተከታተይ። ማን ደወለላቸው፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ወሰኑ፣ ለምን? «ለምን» የሚለውን ማታ ሻይ ላይ ጠይቂያቸው። አይጽፉም ብለሻል፤ ይናገራሉ ግን።

ምሳሌ ልስጥሽ። ሌሊት ከፈረቃ ይደወላል፣ የአንዱ ወፍጮ ሞተር ብዙ ከረንት እየሳበ ነው። እሳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንዴውን ከሚፈጨው ሮለር ሥር የሚወርደው ዱቄት እጅ ላይ ይሞቃል?» ይሆናል። ይሞቃል ከተባለ ስንዴው እንዲቀነስ ያደርጋሉ፣ እስኪነጋ አያስቆሙም። ጠዋት ፉርሽካውን በእጃቸው አሽተው ዱቄት ተጣብቆበት ካዩ፣ የሮለሩ ጥርስ እያለቀ ነው ማለት ነው፤ ያን ቀን ግዢ ክፍል ይሄዳሉ። ለምን ያን ቀን? ምትክ ሮለር ከውጭ ለማምጣት ባንክ ኤልሲ መክፈት፣ የውጭ ምንዛሪ መጠበቅ፣ መርከብና ጅቡቲ አለ፤ ወራት ነው። እንግዲህ እዚህ አንድ ስልክ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችሎታዎች አሉ፤ በምልክት በሽታውን ማወቅ፣ ማስቆምና አለማስቆምን መወሰን፣ ለግዢና ለፋይናንስ ቀድሞ ተናግሮ ማሳመን። እንዲህ ያሉ ውሳኔዎችን ስትሰበስቢ ትክክለኛው መስፈርት ራሱ ይወጣል። አንድ ነገር ጨምሪበት፤ ፋብሪካው ከሁለት ዓመት በኋላ ምን ይሆናል? በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ የፓስታ መስመር ሊመጣ ከሆነ፣ የሰውዬውን ግልባጭ መፈለግ ስህተት ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ ተመለሺ። የጎበዝ መካኒክ ጎበዝነት የሚነግርሽ መካኒክነቱን ነው። ኃላፊ መሆን የሚፈልግ መሆኑን ጠይቀሽዋል? ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ከወረቀትና ከስብሰባ ሞቱን የሚመርጥ ባለሙያ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ከሆነ ከፍ ያለ የባለሙያ እርከንና ደመወዝ ስጡት እንጂ ወንበር ላይ አታስሩት። እሺ ካለ ደግሞ ከዲግሪ ማጣቱ ይልቅ የሚጎድለው ገንዘብና ዕቅድ ነው። የመጪውን ዓመት የመለዋወጫ ዕቅድ እሱ ያዘጋጀው፣ ፋይናንስ ፊትም እሱ ይከራከርበት። ኢንጂነሯን ሦስት ወር የሌሊት ፈረቃ ወፍጮው ላይ አቁሚያት፤ አዲስ መስመር ሲተከል ደግሞ ከተካዮቹ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ትሁን። የእህቱ ልጅ አንድ ዓመት ሙሉ በመካኒኩ ሥር ይሥራ፤ በስድስተኛው ወር ግምገማውን መካኒኩ ይጻፍ። አጎቱ ይህን ከከለከለ መልሱን አገኘሽ።

ለማንም «አንተ ነህ ተተኪው» አይባል። ለሦስቱም የሚነገረው እየተዘጋጁ መሆኑ፣ ቃል የተገባ ነገር እንደሌለና ውሳኔው መቼ እንደሚሰጥ ነው። በጆሮ የተነገረ ሹመት አንዱን ያኮራል፣ ሌላውን ደግሞ ጎረቤት ፋብሪካ ይወስደዋል።

ሰውዬው ለምን እንደማያስተምሩ ይገባኛል። «ካስተማርኳቸው ነገ አትፈለግም ይሉኛል» የሚል ፍርሃት ነው፣ ፍርሃቱም መሠረት የለሽ አይደለም። እስከ 60 ዓመታቸው ሥራቸውና ደመወዛቸው እንደማይነካ ከሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ አምጪላቸው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። «አማካሪ» ብላችሁ ደመወዛቸውን ብትቀንሱ ዕድሜ ልካቸውን ነው የምትቀንሱባቸው። በመጨረሻው ስድስት ወር ተተኪው ወንበሩ ላይ ይቀመጥ፣ እሳቸው አጠገቡ በሙሉ ደመወዛቸው ይሁኑ።

መዘጋጀታቸውን በምን ታውቂያለሽ? በሠርተፊኬት አይደለም። በሰውዬው የዓመት ፈቃድ ነው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ 27 ዓመት ለሠራ ሰው ወደ 29 ቀን ይደርሳል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ፈቃዳቸውን በደንብ አይወጡም፣ ስለዚህ ማንም ያለ እሳቸው ሞክሮ አያውቅም። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ አሥር ቀን ይውጡ። ከሰው ሕይወት አደጋ በቀር አይደወልላቸው፤ የተደወለው ሁሉ ይመዝገብ። ከሦስቱ ጠንካራ ሆነው ከታዩት ሁለቱ አንዱ ይወክላቸው። ስልኮቹ በአብዛኛው ስለ መለዋወጫ ከሆኑ ቀጣዩ ሥልጠና እሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሌላኛው ወክሎ ሙሉውን ይውጡ። ዓመት አልፎ ሁሉም ሰው አሁንም እሳቸውን የሚጠይቅ ከሆነና የመለዋወጫ መጠየቂያው ላይ የእሳቸው ፊርማ ብቻ ካለ፣ ተተኪ የለም፤ በፋይል ላይ ስም ነው ያለው።

ስለ ባንኩ፤ እናትሽ በደመወዙ እውነት ሊኖራቸው ይችላል፣ ግን ጣጣ ውስጥ የምትገቢውና የማትገቢው እሳቸው ስላሉ አይደለም። እኔም ከፋብሪካ የሰው ሀብት የተነሳሁ ነኝና ወደዚያ ማድላቴን አስቢበት። ከመወሰንሽ በፊት ለሥራ አስኪያጁ አንድ ገጽ ጻፊ፤ ሦስቱም በአንድ መስፈርት እንደሚመዘኑ፣ የኃላፊው ደመወዝ እንደማይነካ፣ ምርጫው በስንተኛው ወር እንደሚሆን። ባለቤቱም ይፈርምበት። ከፈረሙ ሁለቱን ዓመት ቆዪ። ካልፈረሙ ለባንኩ አመልክቺ፣ እኔም ሲቪሽን አይልሻለሁ።