ባሕር ዳር አንድ ክረምት፣ ደሴ በልግና ክረምት፦ ስለ ዝናብ ወቅት ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፣ ደሴ ያደገች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እኛ ጋ በበልግም ይዘራል፣ በክረምትም ይዘራል። እዚህ ባሕር ዳር ከመጣሁ ወዲህ ግን መጋቢትና ሚያዝያ አቧራ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከፍታ ላይ ናቸው፣ ክልሉም አንድ ነው። ምንድን ነው የሚለያቸው?

መልስ፦ ከዚህ መነሳትሽ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ምክንያቱን ከምድር ወገብ ርቀት ላይ ብቻ ይፈልጋልና። ደሴና ባሕር ዳር ሁለቱም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ አለፍ ብሎ ነው ያሉት፤ ልዩነታቸው ግማሽ ዲግሪ ቢሆን ነው። በመካከላቸው በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። የሚለያቸው ፊታቸውን ወደየት እንዳዞሩ ነው።

በበልግ እርጥቡ ነፋስ የሚመጣው ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረቢያ ባሕር በኩል ነው። አፋርን አቋርጦ የወሎንና የሰሜን ሸዋን ገደል ሲያገኝ መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ያዘንባል። በዚያ ላይ ከሜዲትራኒያን አካባቢ ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ወደ ቀይ ባሕር ወረድ ባለ ቁጥር ያን እርጥበት ወደ ላይ ይስበዋል። በልግ ሦስት አራት ቀን ዘንቦ ለሳምንታት የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ዝናቡ ያንን ቀዝቃዛ አየር ይጠብቃል። ነፋሱ የወሎን ጫፍ አልፎ ወደ እኛ ሲወርድ ደግሞ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ጣና ጋ የሚደርሰው የተራረፈው ነው።

በክረምት ነገሩ ይገለበጣል። እርጥቡ ነፋስ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ስለሚገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን በኩል ነው። ለዚህ ነው ሰኔ ሲገባ እዚህ ዝናቡ የሚይዘው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ግን ሰኔን በደረቁ የሚያሳልፉት። የበልጉ ነፋስ ደክሟል፣ የክረምቱ ገና አልደረሰላቸውም። ሁለት የዝናብ ወቅት የሚያሰኛቸው ያ የሰኔ ክፍተት ነው።

ጥያቄ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፦ እኛ ስናስተምር ፀሐይ በሐሩር አገሮች በዓመት ሁለት ጊዜ አናት ላይ ስለምታልፍ ሁለት የዝናብ ወቅት ይኖራል እንል ነበር። ባሕር ዳር ላይም ሁለቴ ታልፋለች። ታዲያ ሁለተኛው የት ሄደ?

መልስ፦ መምህር፣ ያስተማሩት ለናይሮቢና ለቦጎታ በደንብ ይሠራል። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው አንዴ ሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ሁለተኛ ደግሞ ነሐሴ 16 አካባቢ፣ በፍልሰታ መፍቻ ሰሞን ነው። በመካከሉ አራት ወር አለ። ናይሮቢ ከምድር ወገብ ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ ከምናምን ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በመጋቢትና በመስከረም፣ ስድስት ወር ገደማ አራርቃ ታልፍባታለች።

የዝናቡ ቀበቶ የሰሜንና የደቡብ ነፋሳት የሚገናኙበት መስመር ነው። ፀሐይን እየተከተለ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ግን አንድ ወርና ከዚያ በላይ ይዘገያል፣ ምድርና ባሕር ለመሞቅ ጊዜ ይፈልጋሉና። የሸማኔን መወርወሪያ ያስቡ። በሸማው መሐል በእኩል ጊዜ ያልፋል፤ ጠርዝ ላይ ግን ገና ሄደ ሳይባል ይመለሳል። ናይሮቢ ከመሐሉ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አጭሩን ዝናብ ታገኛለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመና ይሸፍናታል፣ ብርድም አለ፣ ዝናብ ግን የለም፤ ቀበቶው እኛ ጋ ነዋ። እኛ ጠርዙ ላይ ነን፤ መምጫውና መመለሻው ተጋጥሞ አንድ ክረምት ይሆናል።

የሚያዝያዋ ፀሐይ ሙቀት ትሰጣለች፣ ውሃ ግን አታመጣም። ያን ጊዜ ከምዕራብ የሚገባው እርጥብ አየር ስስ ነው፣ ከላዩ ደረቅ አየር ተጭኖታል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል፣ ነጎድጓዱም ይሰማል፣ ሲመሽ ይበተናል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። የናይሮቢ ሁለት ዝናብና የደሴ ሁለት ዝናብ አንድ ዓይነት አይደሉም። የናይሮቢው ያው ቀበቶ ሲሄድና ሲመለስ ነው። የደሴ በልግ ግን ቀበቶው ገና ደቡብ ሳለ የምሥራቁ ነፋስና ገደሉ የሚሠሩት ነው። በአገራችን ናይሮቢን የሚመስለው ቦረና ነው፤ እነሱ «ገና» እና «ሐገያ» የሚሏቸው ሁለቱ ዝናቦች በሚያዝያና በጥቅምት ዙሪያ ይመጣሉ፣ ክረምታችን ለእነሱ ደረቅ ነው።

ጥያቄ፣ ሹም አቦ ሰፈር ነዋሪ፦ በልግ የለም ማለት ልክ አይደለም። ሚያዝያ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣሪያዬን ሲደበድብ በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ፦ ያየኸው እውነት ነው። ግን ወቅት በአንድ ዝናብ አይለይም። የብዙ ዓመት አማካይ ውሰድና አሥራ ሁለቱን ወር በተርታ ጻፍ፤ ከዚያ ሁለት ጉብታ አለ ወይ፣ በመካከላቸውስ ሸለቆ አለ ወይ ብለህ ጠይቅ።

ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ሚያዝያ ትንሽ ነው፣ ግንቦት ከእሱ ይበልጣል፣ ሰኔ ከግንቦት፤ ሐምሌ ብቻውን ከ400 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ነሐሴ ይጠጋዋል፤ ከዚያ በመስከረምና በጥቅምት እየወረደ ይሄዳል። ሲወጣ አይወርድም፣ ሲወርድም ተመልሶ አይወጣም። አንድ ጉብታ ነው። ያንተ የሚያዝያ ዝናብ የዚያ ጉብታ እግር ነው። የኮምቦልቻን ብትጽፍ ሚያዝያ ላይ ትንሽ ጉብታ፣ ሰኔ ላይ ሸለቆ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ትልቁን ታገኛለህ።

ስታወዳድር ግን ተጠንቀቅ፤ የጣቢያ መዝገብ የሚያዘው በፈረንጅ ወር ነው። የእነሱ ጁላይ የሚጀምረው ሰኔ 24 ላይ ነው። ያንን ሳያስተካክሉ የኮምቦልቻን ሸለቆ የሚያጠፉ አሉ።

ጥያቄ፣ ደብረ ታቦር የሚሠራ ጤና ባለሙያ፦ ዋናው ከፍታ ነው እላለሁ። ከፍ ያለ ቦታ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደመናውን ቶሎ ያወርዳል፤ ስለዚህ ከፍ ያሉ ከተሞች ሁለት ጊዜ ይዘንብላቸዋል።

መልስ፦ የመጀመሪያው ግማሽ ትክክል ነው፤ ከፍታ የዝናቡን መጠን ይለውጣል። የወቅቱን ቁጥር ግን አይወስንም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ናይሮቢም ከዚያ ብዙ አትርቅም፤ አንዷ አንድ፣ አንዷ ሁለት። ደቡብ አሜሪካ ብትሄድ ኪቶ 2,850 ሜትር ላይ ሆና ሁለት ጉብታ አላት፤ ላ ፓዝ ከእሷም በጣም ከፍ ብላ አንድ ብቻ አላት፣ ምክንያቱም ከምድር ወገብ 16 ዲግሪ ርቃለች። ደብረ ታቦርህም ከእኛ በ900 ሜትር ገደማ ትበልጣለች፣ የጉና ተራራም ከጎኗ ነው፤ ዋናው ዝናቧ ግን ያው ክረምት ነው። የተራራው ቁመት ሳይሆን የትኛው ጎኑ ለየትኛው ነፋስ እንደተጋለጠ ነው የሚያዋጣህ።

ጥያቄ፣ የጀልባ ነጂ፦ እኛ የምናውቀው ጣና ዝናብ እንደሚጠራ ነው። ይህን ያህል ውሃ ይዞ ዝም ይላል እንዴ?

መልስ፦ ዝም አይልም፤ ግን ሥራው ሰዓት ላይ ነው። ቀን የብሱ ቶሎ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ዳር ይነፍሳል፣ ደመናው በተራሮቹ ላይ ከሰዓት በኋላ ይከመራል። ማታ የብሱ ይቀዘቅዛል፣ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፣ ነፋሱ ይዞራል፤ ዝናቡም ወደ ሐይቁና ወደ ዳርቻው ይመጣል። ባሕር ዳር በክረምት ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮው ሲንኳኳ የሚያድረው ለዚህ ነው፤ አንተም ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል ጥቁር ሆኖ እዚህ ፀሐይ የሆነበትን ቀን ታውቃለህ።

ወቅት ግን አይፈጥርም። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ውሃው ወደ ሰማይ ሲተን፣ ዳርቻው ላይ ይህ ነው የሚባል ዝናብ የለም። ሐይቁ ክረምት የሚያመጣ ቢሆን ያን ጊዜ ነበር የሚያመጣው።

ጥያቄ፣ የዘጌ ቡና ገበሬ፦ እኔ የገባኝ ሁለቴ ቢዘንብ ሁለቴ ይለቀማል ማለት ነው። በበጋ ከሐይቁ ውሃ ስቤ ባጠጣ ሁለት ምርት አገኛለሁ?

መልስ፦ አባቴ፣ ጥያቄዎ ከዝናቡ ትንሽ ቢወጣም ደስ ይላል። ኬንያ መካከለኛው ደጋ ላይ በእርግጥ ሁለቴ ይለቀማል፤ ዋናው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ትንሹ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ። ኮሎምቢያም እንዲሁ። ግን የሚያደርገው ውሃው ብቻ አይደለም፤ በሁለቱ ዝናብ መካከል ያለው ድርቀት ነው። የቡና እምቡጥ በድርቅ ይተኛል፣ ዝናብ ሲነካው ይነቃል፣ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላ ያብባል። እነሱ ሁለት አጫጭር ድርቅ አላቸው፣ እርስዎ አንድ ረጅም አለዎት። ዓመቱን ሙሉ ቢያጠጡ እምቡጡ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እያለ ያብብና ለቀማው ተበታትኖ ጉልበትዎን ይጨርሳል። ማጠጣት ከፈለጉ ዛፉ መጀመሪያ በደንብ ይጠማ፣ ከዚያ አንዴ አጥግቡት። ምርቱ ግን ያው አንድ ነው።

ጥያቄ፣ የመጀመሪያዋ ተማሪ፦ ጋሼ፣ የክረምቱ ውሃ ከአትላንቲክ ነው የሚመጣው ብለው ነው ያስተማሩን። እርስዎ ከምዕራብ አሉ እንጂ አትላንቲክ አላሉም። ሆን ብለው ነው?

መልስ፦ ሆን ብዬ ነው። ነፋሱ ወደ እኛ የሚገባበት አቅጣጫና ውሃው የተነሳበት ባሕር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አየሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ የመረመሩ ጥናቶች ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደን የሚመጣ እርጥበት ያገኛሉ፤ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ ዞሮ የሚገባም፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራኒያን በሰሜን በኩል የሚወርድም ያገኛሉ፣ ያውም ትንሽ አይደለም። ድርሻው ስንት ስንት እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አልተስማሙም፤ እርጥበቱን በየትኛው ከፍታ ላይ እንደለኩት ውጤቱ ይለያያል። ኮንጎ ላይ የዘነበው ውሃ በዛፉ በኩል ተመልሶ ተንኖ እኛ ጋ ሲዘንብ የአትላንቲክ ነው ወይስ የደኑ? እኔ የደኑ እላለሁ፤ አስተማሪሽ ግን የአትላንቲክ ቢል አልጣላውም።