«የማይክሮባዮሎጂ ሪፖርት» ብላ ለላከችልኝ ልጅ

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አንዲት ተማሪ በቴሌግራም ፋይል ላከችልኝ። አባቷ የድሮ ባልደረባዬ ነው። ፋይሉ `Micro_report.docx` ይላል። ስከፍተው ደግሞ መሃል ላይ በደማቁ «የማይክሮባዮሎጂ ሪፖርት» ተብሏል። ከሥሩ ስሟና የመታወቂያ ቁጥሯ አለ። ወዲያው መልእክት ተከተለ። «ጋሼ፣ ውስጡን እዩልኝ። ርዕሱስ ይበቃል አይደል?»

ውስጡን ሳላየው ሁለት ቀን አለፈ። ርዕሱ ላይ ቀረሁ። እኔም በ1986 ዓ.ም. እንደሱ ያለ ርዕስ ጽፌ ነበርና።

ያኔ ጎጃም ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። የሆስፒታሉ ስም ይቅር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ክረምቱ ሲገባ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው ሕፃናት ይበዙብናል። እናት ልጇን አዝላ፣ ጭቃውን ስትሄድበት አድራ ትደርሳለች። ሐኪሞቹ አምፒሲሊን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ያዛሉ። የሚሻለው ይሻለዋል። የማይሻለው በሦስተኛው ቀን ያው ጨርቁ በደም ተነክሮ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት እንደ ዕድል ሆኖ ለስድስት ወር የሚሆን የባክቴሪያ ማሳደጊያ ሚዲያ አገኘን። ካልቸር መሥራት ለእኛ ብርቅ ነበር። ኤክስኤልዲ ከሚባለው ሚዲያ የመጀመሪያውን አንዱ ጓደኛችን እንደ ሌላው ሚዲያ አውቶክሌቭ ከቶት አበላሸው። ኤክስኤልዲ እስኪፈላ ብቻ ይሞቃል እንጂ አውቶክሌቭ አይገባም። ዱቄቱ ከወርቅ በላይ ውድ ስለነበር ሦስት ቀን አኩርፈነው ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ባገኘሁት ቁጥር አነሳበታለሁ።

ሥራው ራሱ ቀላል አልነበረም። የምንፈልገው ደም ተቅማጥ የሚያመጣውን ባክቴሪያ፣ ሺጌላን ነው፤ እሱ ደግሞ ሰገራ ውስጥ ቶሎ ይሞታል። ናሙናው በሁለት ሰዓት ውስጥ ሚዲያ ላይ ካልተዘራ ድካሙ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከቤት የመጣውን አንቀበልም ነበር፤ እዚያው እንዲሰጡ እናደርጋለን። ከሰገራውም ደምና ንፍጥ ያለበትን ቦታ መርጠን ነው የምንነካው። በማግስቱ ማኮንኪ በሚባለው ሚዲያ ላይ ቀለም አልባ፣ ኤክስኤልዲ ላይ ደግሞ ቀይ ሆኖ መሃሉ ያልጠቆረ ኮሎኒ እንፈልጋለን። መሃሉ ከጠቆረ ሳልሞኔላን እንጠረጥራለን። ከዚያ የሦስት ስኳር ቱቦው ይቀጥላል። ሥሩ ቢጫ፣ ላዩ ቀይ፣ ጋዝም ጥቁረትም የሌለው ቱቦ ሳይ ልቤ ይመታ ነበር።

በስድስት ወር ውስጥ 19 ሺጌላ አገኘን። የመድኃኒት ዲስክ አድርገን በማግስቱ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የከለከለበትን ንጹሕ ክብ በማስመሪያ ለካን። ኮትሪሞክሳዞል ዲስክ ዙሪያ ባክቴሪያው እስከ ዲስኩ ጠርዝ ድረስ አድጓል። ምንም ክብ የለም። ከ19ኙ 17ቱ እንዲህ ነበሩ። አምፒሲሊንም ከዚያ ብዙ አልተሻለም። ናሊዲክሲክ አሲድ ግን ሰፊ ንጹሕ ክብ ሰጠን። ሐኪሞቹ በየቀኑ የሚያዙት መድኃኒት የማይሠራበትን ምክንያት በሚሊሜትር ለክቼ ይዤዋለሁ ማለት ነው።

ጻፍኩት። 14 ገጽ ወጣው። ታይፒስቷ ርዕሱን ስትጠይቀኝ ጥድፊያ ላይ ነበርኩ። እሷም ሪባኑ አልቋል ብላ እያማረረች ነበር፤ «አሳጥረው» አለችኝ። «የላብራቶሪ ጥናት ሪፖርት፣ 1986» አልኳት። የቦክስ ፋይሉ ጀርባ ላይም ይኸው ተጻፈ። አንዱ ኮፒ መደርደሪያ ላይ ወጣ። እኔም ብዙም ሳልቆይ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ስልጠና ላይ እዚያ ሆስፒታል የተመደበ ወጣት ሐኪም አጠገቤ ተቀመጠ። በሻይ ሰዓት ወሬ ጀመርን። በክረምቱ ደም ተቅማጥ እንዳስቸገረው ነገረኝ። ኮትሪሞክሳዞል ይሰጣል፣ ልጆቹ አይሻላቸውም። «የዚያ አካባቢ ሺጌላ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚመለስ የሠራ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ መደርደሪያውን ሁሉ አገላብጬ ነበር» አለኝ። ሻዩ እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ቦክስ ፋይሉን ገለጽኩለት፤ አረንጓዴ ነው፣ ጥጉ የተቀደደ። አስታወሰው። አንስቶት ነበር። ጀርባውን አንብቦ የዓመቱ የሥራ ሪፖርት መስሎት፣ ስንት ሰገራ ስንት ደም ተመረመረ የሚለው ማለት ነው፣ መልሶ አስቀመጠው።

እጁ ላይ ነበር እኮ! ሳይከፍተው መለሰው። አልፈረድኩበትም። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ያለው ሐኪም 14 ገጽ በግምት አይከፍትም። በዚያ ክረምት ስንት ልጅ የማይሠራ መድኃኒት ሲወስድ እንደቆየ አላውቅም፤ አልጠየቅኩትም። የደም ተቅማጥ መድኃኒት በሁለት ቀን ለውጥ ካላሳየ ይቀየራል የሚለውን መመሪያ ባነበብኩ ቁጥር ያ አረንጓዴ ፋይል ይመጣብኛል።

ከዚያ ወዲህ ያንን ርዕስ በልቤ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት። መጀመሪያ «ላብራቶሪ»ን አወጣሁት። ላብራቶሪ ውስጥ መሠራቱን ማን አጣው? «ጥናት»ም «ሪፖርት»ም ወጡ። ዓመቱ ብቻ ቀረ፤ ይህ ራሱ ስንፍናዬን ያሳያል። ከዚያ ሐኪሙ ፋይሉን ሲፈልግ በአፉ የነበሩትን ቃላት አስቀመጥኩ። እሱ «ሺጌላ» ብሏል። «ደም ተቅማጥ» ብሏል። «ኮትሪሞክሳዞል» ብሏል። ፈላጊው የሚላቸው ቃላት ርዕሱ ላይ ከሌሉ ፋይሉ የለም ማለት ነው። ዛሬ እናንተ በስልክ ስትፈልጉም ያው ነው፤ ያልጻፋችሁትን ቃል ስልኩ አያመጣላችሁም።

እንዲህ ሆነ፦ «ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለባቸው ሕፃናት የተገኙ የሺጌላ ዝርያዎች ለኮትሪሞክሳዞል፣ ለአምፒሲሊንና ለናሊዲክሲክ አሲድ ያላቸው ምላሽ፦ በአንድ ሆስፒታል፣ ከሰኔ 1985 እስከ ኅዳር 1986 ዓ.ም.»። በእውነተኛው ላይ የሆስፒታሉ ስም ይገባል። ባክቴሪያው፣ ከማን እንደተወሰደ፣ ምን እንደተለካ፣ የት፣ መቼ። ታይፒስቷ ብታየው ሪባኑን ትወረውርብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ወደ ሌላው ጥፋት ልወድቅ ነበር። «በጎጃም የሺጌላ ስርጭት» ብለው ምን ይመስላችኋል? ያምራል፣ አጭርም ነው። ግን ውሸት ነው። እኔ ያየሁት ሆስፒታል የደረሱትን ነው። ቤቱ የቀረውን፣ ጤና ጣቢያ ታክሞ የተመለሰውን፣ ከዓባይ በረሃ ዳር ያለውን አላየሁም። በሆስፒታል ናሙና ስለ ስርጭት አይወራም። «ሺጌላ ፍሌክስነሪ» ብዬ መጻፍም አማረኝ። ዝርያውን የሚለየው አንቲሴረም ግን መሃል ላይ አልቆብን ሰባቱ ሳይለዩ ቀርተዋል። ስለዚህ «የሺጌላ ዝርያዎች» ነው የሚባለው። ርዕስ ሲጠብብ ጥሩ ነው፤ ከተሠራው ሥራ ከጠበበ ግን ያልሠራኸውን ሠራሁ ማለት ይሆናል።

ውጤቱ ርዕሱ ላይ ይውጣ ወይስ አይውጣ? ተማሪዎቼን ሁልጊዜ «አይውጣ፣ ርዕስ ጥያቄውን ይናገር እንጂ መልሱን አይናገር» እላቸው ነበር። አሁን ያን ሐኪም ሳስብ እጠራጠራለሁ። «ሺጌላ ለኮትሪሞክሳዞል አይመለስም» የሚል ቢሆን ሳይከፍተውም ይጠቅመው ነበር። ደግሞም 19 ባክቴሪያ ጥቂት ነው፤ በ19 እንዲህ ብሎ ማወጅ ይከብዳል። እንግዲህ አልወሰንኩም።

ስለ ዛሬ ልጆች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከጓደኛ ርዕስ ወስዶ የከተማውን ስም ብቻ መቀየር በዝቷል። ፍኖተ ሰላም የነበረው ቡሬ ይሆናል፤ ባክቴሪያው ያው፣ ዓመቱም አንዳንዴ ያው። እኛ ታይፕ ላይ የባክቴሪያ ስም ማዝመም ስለማይቻል ከሥሩ በእጅ እናሰምር ነበር። እናንተ አንድ ጠቅ ማድረግ ነው የቀራችሁ፣ እሱንም ትረሱታላችሁ። የአያት ወቀሳ ይሁንብኝ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሥራዋን ሳየው ደስ አለኝ። ከገበያ የተገዛ ጥሬ ወተት ላይ ነው የሠራችው። «ወተት የሚለው ቃል ራሱ ርዕሱ ላይ የለም እኮ» ብዬ ጻፍኩላት። በማግስቱ አዲስ ላከች፦ «በደብረ ማርቆስ ገበያ ከሚሸጥ ጥሬ ወተት የተገኘ ስታፊሎኮከስ ኦረስ»።

ደወልኩላት።

«ኦረስ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ማኒቶል ሶልት ላይ ቢጫ ሆነ፣ ካታሌዝም ፖዘቲቭ ነው ጋሼ።»

«ኮአጉሌዝስ?»

ዝም አለች። «ፕላዝማ አልነበረንም» አለች በመጨረሻ።

ካታሌዝ ስታፍን ከስትሬፕ ይለያል እንጂ ኦረስን አያረጋግጥም፤ ለዚያ በፕላዝማ የሚሠራው ኮአጉሌዝ ያስፈልጋል። ማኒቶልን ቢጫ የሚያደርጉ ሌሎች ስታፎችም አሉ። «እንግዲያው ኦረስን ከርዕሱ አውጪው፣ ውስጥ ላይ እንደጠረጠርሽው ጻፊ» አልኳት። ቅር አላት፤ ድምፅዋ ላይ ሰማሁት። ኦረስ የሚለው ቃል ሥራዋን ከፍ ያደርግላት ነበር። ገባኝ።

ማታ መጣ፦ «በደብረ ማርቆስ ገበያ ከሚሸጥ ጥሬ ወተት የተገኙ፣ ማኒቶልን የሚያቦኩ የስታፊሎኮከስ ዝርያዎች፦ መጋቢት 2016 ዓ.ም.»። ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ከዚያ የፋይሉን ስም አየሁት። `Micro_report_final2.docx` ይላል።

መልሼ ላክሁላት።